የተቀነሰው 3 በመቶ የማን ገንዘብ ነው?

ከአለም ገና እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ዳር ለፋብሪካ ዕቃ የሚያቀርቡ አነስተኛ ድርጅቶች አሉ። ፓሌት የሚሠሩ፣ የሥራ ልብስ የሚሰፉ፣ ካርቶን የሚያቀርቡ፣ ማሽን የሚጠግኑ፣ ዕቃ የሚያጓጉዙ። ቡራዩና ሱሉልታም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ሒሳባቸውን ሙሉ በሙሉ የሚቀበሉበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ገዢው ሲከፍላቸው ከላዩ ላይ ዊዝሆልዲንግ ብሎ ቆርጦ ያስቀራል። ሕጉ ስለሚያዘው ነው የሚቆርጠው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ጉዳይ ነው። ያ ገንዘብ ሻጩ አስቀድሞ የከፈለው ግብር ነው። በተግባር ግን ሻጩ እንደ ለማኝ ደጅ እየጠና ካላስመለሰው በቀር የትም ሊቀር የሚችል ገንዘብ ሆኗል። ይህ መለወጥ አለበት። ለመለወጥም አዲስ አዋጅ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እናስቀምጥ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በአንቀጽ 92 ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ተቋማት ለአቅራቢ ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀንሰው ለግብር ሰብሳቢው እንዲያስገቡ ያዝዝ ነበር። ዕቃ ከሆነ ከ10,000 ብር፣ አገልግሎት ከሆነ ከ3,000 ብር በላይ ሲሆን ነው። በ2017 ዓ.ም የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ መጠኑን ወደ 3 በመቶ አሳደገው። መነሻውንም ለዕቃ 20,000፣ ለአገልግሎት 10,000 ብር አደረገው። መነሻው ከፍ ማለቱ ትንንሹን ግዢ ነፃ አውጥቷል። መጠኑ ማደጉ ግን በትልልቁ ግዢ ላይ የሚኖረውን አቅራቢ በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ገንዘብ አሲዞታል።

ስሙ ላይ መግባባት አለብን። ዊዝሆልዲንግ ራሱን የቻለ ሌላ ግብር አይደለም። ሻጩ በዓመቱ መጨረሻ በትርፉ ላይ ከሚከፍለው ግብር በየሽያጩ እየተቆረጠ በቅድሚያ የሚገባ ክፍያ ነው። ከደመወዝተኛ ላይ በየወሩ ግብር እንደሚቀነሰው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የደመወዝተኛው ግብር ከገቢው ልክ ጋር አብሮ ሲሰላ የነጋዴው ደግሞ ትርፍ ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ ከጠቅላላ ሽያጩ መቆረጡ ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ሰበታ ውስጥ ፓሌት የሚሠራ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ለአንድ ፋብሪካ 200 ፓሌት እያንዳንዱን በ1,000 ብር ሸጠ። ዋጋው 200,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት 30,000 ብር ይሆናል። ደረሰኙ ላይ የሚሰፍረው ጠቅላላ 230,000 ብር ነው። ፋብሪካው ዊዝሆልዲንጉን የሚያሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ የ200,000 ብር 3 በመቶ 6,000 ብር። ስለዚህ ባንክ የሚገባው 224,000 ብር ነው። ከ230,000 ላይ አስልቶ 6,900 የሚቆርጥ ገዢ ካጋጠማችሁ በቫቱ ላይም ዊዝሆልዲንግ እየቆረጠ ነውና 900 ብሩን መልሱልኝ ማለት መብታችሁ ነው። አንዳንድ የመንግሥት ገዢዎች ቫቱን ራሱን ቀንሰው የሚያስቀሩበት አሠራርም አለ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራሱ ደረሰኝና የራሱ ሒሳብ አለው፤ ከዚህኛው ጋር መቀላቀል የለበትም።

አሁን የሒሳብ መዝገቡ ጋ እንምጣ፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ነው። ባለቤቱ የባንክ መልእክቱን ስልኩ ላይ ያያል፤ 224,000 ብር ገብቷል። የሒሳብ ሠራተኛ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። የሚመዘገበውም ባንክ የገባው ይሆናል። 224,000ን ቫት ያለበት ሽያጭ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያሰላው ሽያጩ 194,782.61፣ ቫቱ 29,217.39 ሆኖ ይመጣል። በዚህ አንድ መስመር ሦስት ነገር ተበላሸ። ሽያጩ በ5,217.39 ብር አነሰ። የሚታወቀው ቫት በ782.61 ብር አነሰ። 6,000 ብሩ ደግሞ ከመዝገቡ ላይ ጨርሶ ጠፋ፤ ተቀንሶ እንደነበረ የሚያስታውስ ምንም ነገር የለም።

ፋብሪካው በበኩሉ ግዢውን 200,000 ብር ብሎ ያሳውቃል። ሁለቱ መረጃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሻጩ ሽያጭ የደበቀ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሽያጭ በዓመት 20 ጊዜ ከተፈጸመ፣ ማለትም 4,000,000 ብር ከተሸጠ፣ ልዩነቱ የሽያጭ 104,347.83፣ የቫት 15,652.17 ብር ይደርሳል። ኦዲተር ሲመጣ በዚህ ላይ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል። ሰውየው አንድም ብር አልሰረቀም፤ እንዲያውም 120,000 ብር አስቀድሞ ከፍሏል።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ 6,000 ብሩን «የግብር ወጪ» ብሎ መመዝገብ ነው። ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ ገንዘቡ ሄዷልና ወጪ ነው ይባላል። ግን ወጪ ቢሆን ኖሮ ከትርፍ ላይ ተቀንሶ የሚያድነው ግብር በ30 በመቶ ቢበዛ 1,800 ብር ነው። ክሬዲት ሲሆን ግን ሙሉው 6,000 ከሚከፈለው ግብር ላይ ይቀነሳል። ልዩነቱ በአንድ ደረሰኝ 4,200 ብር ነው። በዚያ ላይ የገቢ ግብር ራሱ ከትርፍ የሚቀነስ ወጪ ስላልሆነ ኦዲተሩ 1,800ዋንም ይመልሳታል።

ትክክለኛው አመዘጋገብ አራት መስመር ብቻ ነው። በዴቢት በኩል ባንክ 224,000 እና ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ 6,000። በክሬዲት በኩል ሽያጭ 200,000 እና ተከፋይ ቫት 30,000። ሁለቱም ወገን 230,000 ይሆናል። ሽያጩ ሙሉ ነው፣ ቫቱ ሙሉ ነው፣ 6,000 ብሩም በስሙ ተቀምጧል። በዱቤ ተሸጦ ከነበረ ደግሞ በሽያጩ ቀን 230,000ው የደንበኛ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ክፍያው ሲመጣ ዕዳው ባንክ በገባው 224,000 እና በ6,000ው ዊዝሆልዲንግ ይዘጋል።

እኔ የምመክረው አንድ ጭማሪ አለ። ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንጉን በሁለት ሒሳብ ክፈሉት፤ ደረሰኙ እጅ የገባ እና ደረሰኙ ገና ያልመጣ። ገንዘቡ በተቆረጠ ቀን ሁሉም ወደ ሁለተኛው ይገባል። ተከታታይ ቁጥር ያለው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሲመጣ ወደ መጀመሪያው ይዛወራል። እንዲህ ሲሆን በየወሩ መጨረሻ ማን ስንት ደረሰኝ እንዳልሰጣችሁ በአንድ እይታ ይታወቃል። ወሩ በትክክል መዘጋቱን የምታውቁትም በቀላል ድምር ነው። ባንክ የገባው፣ የተቀነሰው ዊዝሆልዲንግና ገና ያልተከፈለው ሲደመሩ ከሽያጩና ከቫቱ ድምር ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንዱ ደረሰኝ በተጣራ ገንዘብ ተመዝግቧል ማለት ነው።

የነገሩ አንገብጋቢ ጎን ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። ሻጩ በዓመቱ መጨረሻ ግብሩን ሲያሳውቅ 6,000 ብሩ የሚቀነስለት ገዢው የሰጠውን ደረሰኝ ሲያቀርብ ነው። ገዢው ደረሰኙን እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ተግባሩን ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። «ፓዱ አልቋል»፣ «ፈራሚዋ ፈቃድ ላይ ናት»፣ «ገና አላሳወቅንም፣ በሚቀጥለው ወር ተመለስ»። ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባ አንድ የፋይናንስ ክፍል በር ላይ ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው የሚያሳድደው 6,000 ብር ነው፤ አንዳንዴ 900 ብር። የትራንስፖርቱንና የባከነውን ቀን ሲያሰላው ይተወዋል። ገዢውን መጫንም ይፈራል፤ የሚቀጥለውን ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነውና።

ደረሰኙ ሲመጣም ጉድለት አያጣም። የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በአንድ አኃዝ ይሳሳታል። ስሙ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ሳይሆን ሰው በሚጠራው ስም ይጻፋል። የሽያጩ መጠን ቫት ተጨምሮበት ይሰፍራል። ቀኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያጣላል። ዊዝሆልዲንግ የሚቆረጠው ገንዘቡ ሲከፈል ነው፤ ሽያጩ ግን የሚመዘገበው ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን ነው። በሰኔ ፓሌቱን አስረክቦ በነሐሴ የተከፈለው ድርጅት፣ ሽያጩ ባለፈው የግብር ዓመት ገብቶ ግብር ይከፈልበታል፣ ቅናሹ ግን በአዲሱ ዓመት ደረሰኝ ላይ ይወጣል። ግብሩን ዘንድሮ፣ ክሬዲቱን ለከርሞ ማለት ነው። ስለዚህ በሰኔ ገንዘብ ለመሰብሰብ መሯሯጥ ለባንክ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ለግብርም ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ በዓመት ሲደመር ምን እንደሚያስከትል ያንኑ ፓሌት ሠሪ ይዘን እናስላው። በዓመት 4,000,000 ብር ሸጠ። ሁሉም ላይ ዊዝሆልዲንግ ተቆርጦበታል፤ 120,000 ብር። ጣውላና ሚስማር ተወዷል፣ ትርፉ 7 በመቶ ነው፤ 280,000 ብር። የድርጅት ግብር 30 በመቶ ስለሆነ 84,000 ብር ይደርስበታል። ነገር ግን ይኸው የ2017ቱ ማሻሻያ ግብሩ ከዓመቱ ሽያጭ 2.5 በመቶ እንዳያንስ ዝቅተኛ ወለል አስቀምጧል። ስለዚህ የሚፈለግበት 100,000 ብር ነው። 120,000 ከፍሏል፤ 20,000 ብር ተመላሽ አለው።

አሁን የ40,000 ብር ደረሰኝ አልመጣለትም እንበል። ማስረጃ ያለው ለ80,000 ብቻ ነው። የግብር ሠራተኛው ተመላሽ አይሰጠውም፤ 20,000 ጨምር ይለዋል። ከኪሱ የወጣው ጠቅላላ 140,000 ብር ሆነ፤ የዓመት ትርፉ ልክ ግማሽ። ዝቅተኛው ወለል ተጨምሮበት ከትርፉ 36 በመቶ ገደማ የሆነው ግብር በደረሰኝ እጥረት ብቻ 50 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማንም በአዋጅ አልደነገገውም። የፈጠረው የአንድ ፋይናንስ ክፍል ቸልተኝነት ነው።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይነግረናል። ከጠቅላላ ሽያጭ 3 በመቶ መቁረጥ ማለት ሻጩ 10 በመቶ ያተርፋል ብሎ መገመት ነው፤ የ10 በመቶ ትርፍ 30 በመቶ 3 ነውና። ከዚያ በታች የሚያተርፍ ሁሉ ከሚገባው በላይ አስቀድሞ ይከፍላል። በ2 በመቶ ዘመን ይህ መስመር 6.7 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን በ7 እና በ9 በመቶ የሚያተርፉት አቅራቢዎች ጭምር ለመንግሥት ያለ ወለድ አበዳሪ ሆነዋል። ሕጉ በትርፍ የተከፈለው ለሌላ የግብር ዕዳ እንዲውል፣ ቀሪው እንዲመለስ ይላል። ተመላሽ መጠየቅ ግን መዝገብን ለኦዲት መክፈት ስለሆነ ብዙ ትንሽ ድርጅት ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወርልኝ ብሎ ይተወዋል። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ትርፍ ይከፍላል። ገንዘቡ እየተንከባለለ ይኖራል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህ ችግር አንድ እጥፍ ይጨምራል። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴን የትርፍ ግብር ለክልል ሰጥቷል። ስለዚህ ሰበታ ያለ ግለሰብ ነጋዴ ግብሩን የሚያሳውቀው ለኦሮሚያ ገቢዎች ነው። ገዢው ግን አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት ከሆነ የቆረጠውን የሚያስገባው ራሱ ለተመዘገበበት ለገቢዎች ሚኒስቴር ነው። ገንዘቡ አንድ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ክሬዲቱ ከሌላ ሳጥን ይጠየቃል። የሰበታው ሠራተኛ ፊት ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ ገንዘቡ መግባቱን ራሱ ማየት ካልቻለ መጠራጠሩ አይገርምም። ለክልሉ ደግሞ ነገሩ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ እጁ ያልገባ ገንዘብ ከገቢው ላይ ቀንስ እየተባለ ነው። በሁለት ቢሮዎች መካከል ያለውን ሒሳብ የሚከፍለው 20 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወረቀት የሚያመላልሰው ነጋዴ ነው።

በሌላው ወገን የሚባለውን አውቃለሁ። ሐሰተኛ ደረሰኝ በሞላበት አገር የግብር ሠራተኛው ያየውን ወረቀት ሁሉ አምኖ ክሬዲት ቢሰጥ ካዝናው ባዶ ይቀራል። ዊዝሆልዲንግም ባይኖር ሽያጩን ፈጽሞ የማያሳውቅ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ገዢው ሲቆርጥበት ነው ስሙ የሚታወቀው። ሁለቱም እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው ክርክር የሚያስረዳው ወረቀቱን ማጥበቅን አይደለም፤ ወረቀቱን ማስቀረትን ነው። ገዢው በየወሩ ዊዝሆልዲንግ ሲያሳውቅ የእያንዳንዱን ሻጭ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የክፍያውን መጠንና የተቀነሰውን ይዘረዝራል። ይኸው መረጃ በመንግሥት እጅ አለ። ያንኑ መረጃ ሻጩ በወረቀት ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ መንግሥት ለራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ነጋዴው እንዲያደርስለት ማድረግ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገዢው ባሳወቀ ቀን የተቀነሰው ገንዘብ በመለያ ቁጥሩ አማካይነት በሻጩ ሒሳብ ላይ በቀጥታ ይመዝገብ፤ ሻጩም በራሱ ገጽ ላይ ይየው። ያልተመዘገበ ካለ ያኔውኑ፣ ገዢው ገና በቅርብ እያለ፣ ይጠይቃል፤ ዓመት ጠብቆ ጥቅምት 30 ሊደርስ ሲል አይደነግጥም። ሁለተኛ፣ ይህ ምዝገባ በፌዴራል፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ቢሮዎች መካከል ይታይ። ገንዘቡን እንዴት እንደሚካፈሉ እነሱ ይነጋገሩ፤ ነጋዴው የሁለቱ መንግሥታት ዋስ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሻጩ ትክክለኛ ደረሰኝ ይዞ ገዢው ገንዘቡን ካላስገባ የሚጠየቀው ገዢው ይሁን። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ቀንሶ ያላስገባን 10 በመቶ ይቀጣል። ያ ቅጣት ባለበት ሻጩን ድጋሚ ማስከፈል ፍትሕ አይደለም፤ እሱ በተቆረጠበት ቀን ከፍሏል።

እስከዚያው ድረስ አቅራቢዎች የሚችሉትን ያድርጉ። የአቅርቦት ውል ስትፈርሙ ክፍያ ተጠናቀቀ የሚባለው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ከቼኩ ወይም ከባንክ ዝውውሩ ጋር ሲሰጥ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ደረሰኙን ስትቀበሉ በሩ ላይ ሳላችሁ መለያ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ከቫት በፊት ያለውን መጠንና ቀኑን አንብቡ፤ ስህተት ካለ እዚያው ይስተካከል። ለገዢዎችም አንድ ቃል አለኝ። የቆረጣችሁት ገንዘብ የእናንተ አይደለም፤ ለመንግሥት ይዛችሁት ያለ የሰው ግብር ነው። የጥሬ ገንዘብ እጥረት ሲያጋጥማችሁ ለደመወዝ የምታዞሩት ከሆነ የምትበደሩት ከሰበታው ፓሌት ሠሪ ነው፤ ያውም ሳትጠይቁት።